ሸክላው ወደ እሾሁ ሄደ

የቁሐር ሚካኤሏ ንግሥቲ ከእንስራዎቿ ጋር ትጣላለች። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። ጆሮው የተንጋደደ ማሰሮ ሲወጣባት "አንተ ደግሞ ማንን ብለህ ነው?" ትለዋለች። አምሮ የወጣውን ደግሞ ጀርባ ትሰጠዋለች፤ ካዩት ይኮራል፣ የኮራ ሸክላ እሳት ላይ ይሰነጠቃል ባይ ናት። ባሏ ማሩ ሸማኔ ነው። እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል እንጂ ቃል ከአፉ አይወጣም። በዚያ ቤት ከማሩ አንደበት ይልቅ የእንስራው ድምፅ ይሰማል ይሉ ነበር ጎረቤቶች፤ እንስራው እንኳ ሲያንኳኩት ይመልሳል።

ዘመኑ የደርግ ነው። መሬት ከታወጀ ወዲህ ባለ እጁም እንደ ሌላው የገበሬ ማኅበር አባል ሆኗል፤ ንግሥቲና ማሩም ማሳ ተመርተዋል። በስብሰባ ቀን ግን ንግሥቲ እንደ ድሮው ከኋላ፣ ከዋርካው ጥላ ትንሽ ወጣ ብላ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። አዋጁ መሬቱን አዳርሷል፤ ጥላው ላይ ግን ገና አልደረሰም።

እርሷን ከማሳው ይልቅ የሚያስጨንቃት የአፈር ጉድጓዷ ነበር። የፎገራ ሜዳ በክረምት ባሕር፣ በበጋ ደግሞ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ምድር ነው። ከመንደሩ የጋራ ግጦሽ፣ ጨፌ ከሚሉት እርጥብ ሜዳ ዳር ግን፣ ጥቁሩ አፈር ሲገፈፍ ከሥሩ አመድማ፣ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ አፈር ይወጣል። የንግሥቲ እናት ከዚያ ቆፍራለች፤ የእናቷም እናት። ሌላ ቦታ ሞክራ ነበር፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲተኮስ ይፈርሳል። "ሌላው አፈር እኔን አያውቀኝም" ትላለች፣ አፈሩ ሰው ይመስል።

አፈሩ አለ፣ ውኃውም አለ። የሌለው ማገዶ ነው። ሜዳው ላይ ከመሰብሰቢያው ዋርካ ሌላ ዛፍ የሚባል ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በስተቀር የለም፤ ያን ደግሞ መሪጌታ አዛናው እንደ ልጆቻቸው ቆጥረው ያውቁታል። ኩበትም ለወጥ ማብሰያ እንጂ እንስራ ለመተኮሻ አይተርፍም። እንግዲህ አንድ በጋ ንግሥቲ ከጣና ዳር፣ ከብቱ በድርቅ ጊዜ ከሚወርድበት፣ አንድ እሾህ አየች። ቁመቱ እስከ ወገቧ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ደርቆ ቋ ቋ የሚል። ለኮሰችው። እንደ ገለባ ቶሎ ተያያዘ፤ እንደ እንጨት ጨከነ። ንግሥቲ በዚያ ቀን በፍቅር ወደቀች።

ከዚያ ወዲያ ደረቅ ደረቁን እያጨደች፣ በመጫኛ እያሰረች፣ በጀርባዋ ተሸክማ ጨፌውን አቋርጣ ትመለስ ጀመር። ጉድጓዷ ዘንድ ስትደርስ ሸክሙን ታወርዳለች፣ አፈር ትቆፍራለች፣ እግሯን በጭቃው ውኃ ትለቀልቃለች፣ እንደገና ትሸከማለች። በዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ በሄደችበት መንገድ ሁሉ፣ ግራና ቀኙን፣ ሐምራዊ አበባ ፈነዳ። አበባውን ስታይ ልቧ ቅልጥ ይላል፤ ዘፈን አወጣችለት።

አንተ ሐምራዊ አበባ፣ ከጨፌው ዳር ያለህ፣
እሾህ ታጥቀህ ቆመህ ማንን ትጠብቃለህ።

ማንን እንደሚጠብቅ ቆይቶ ታወቀ። ላሟን ነበር የሚጠብቀው፤ ሣሩን እንዳትበላ።

በሦስተኛው ዓመት ጨፌው መልኩን ለወጠ። ሣር የነበረበት ሁሉ እሾህ ሆነ። ከብቱ በመካከሉ ያለውን ሣር ለመቅመስ አፍንጫውን ያስገባና እየተወጋ፣ እያነጠሰ ይመለሳል። የጎረቤቷ የጽጌሬዳ ላም፣ ወተቷ እስከ ወረታ የሚወራላት የፎገራ ላም፣ ጎኗ ገባ፤ ጽጌሬዳም ምላሷ ወጣ። ይህች ሴት በሠርግ ላይ ሙሽራና ሚዜ የምትቦጭቅ የታወቀች ግጥም ገጣሚ ናት። ንግሥቲ ሸክሟን ተሸክማ በደጇ ስታልፍ እንዲህ አለቻት፦

ንግሥቲ አገባች አሉ፣ ከማሩ ላይ ደርባ፣
ሙሽራው እሾህ ነው፣ ወገቡ አበባ።

ንግሥቲ ሳቀች። ያን ቀን ገና ነገሩ የሚያስቅ መስሏት ነበር።

ኅዳር ሲገባ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያልነህ ስብሰባ ጠራ። አያልነህ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ቆሞ መናገር ለመደ። ከወረታ የመጣውን የእርሻ ልማት ሠራተኛ የሻውን ከጎኑ አቁሞ፣ "ጓዶች" ብሎ ጀምሮ፣ ጓዶቹ ማንቀላፋት ሲጀምሩ "ከብቶቻችን" ላይ ደረሰ፤ ያኔ ሁሉም ነቃ። የሻው የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ቦቲ ጫማው ከጭቃ ውስጥ ሲነቀል በሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ ይታወቃል፤ ሰው ግን ይወደዋል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላልና።

የሻው አንድ እሾህ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ነበር። መሪጌታ አዛናው ገና ሳያነሣው ኮሸሽላ ነው ብለው ፈረዱ። ኮሸሽላ ከሆነ ደግሞ አያሳስብም፤ ድሮም የነበረ ነው፣ አህያ ይበላዋል፣ አለቀ። ሰውም በመሪጌታ ቃል ተጽናና። የሻው ግን በትሕትና ቀርቦ፣ ቅጠሉን እንዲዳስሱለት ለመናቸው። ዳሰሱት፤ ቅጠሉ ለስላሳ ነው። ኮሸሽላ ራሱ ቅጠሉ ይዋጋል። ቀጥሎ አንጓውን አሳያቸው፤ በየአንጓው ዙሪያ ስድስት ስድስት ረጃጅም ቢጫ እሾህ እንደ ጨረር ቆሟል፤ አበባውም ከጫፍ ሳይሆን እዚያው ከእሾሁ መካከል ተወሽቋል። ኮሸሽላ ደረቅ መሬትና ዳገት ይወዳል፤ ይህ ግን ውኃ የሚተኛበትን፣ በተለይም የተቆፈረና የተረጋገጠ እርጥብ መሬት። "እኛ አሜኬላ እንለዋለን" አለ የሻው፤ ስሙን ከዚህ በላይ እንደማያውቅም ጨመረ። መሪጌታ እጃቸውን ሰብስበው፣ ይህስ ከሆነ አዳም ከገነት ሲወጣ የተሰጠው ሳይሆን አይቀርም፣ እንደ አዲስ መምጣቱ ነው እንጂ፣ አሉ። እንዲህ ሲሉ መሸነፋቸውን ማንም አላስተዋለም።

ከዚያ የሻው ከደረቀው ፍሬ ጥቂት ዘር መዳፉ ላይ አፍስሶ ውኃ ጠብ አደረገበት። ዘሩ እንደ ተልባ ተዝለገለገ፤ ከጣቱም አልለቅ አለ። እንዲህ ሆኖ ነው በከብት ኮቴ፣ በሰው እግርና በልብስ ጠርዝ የሚጓዘው፣ አለ።

ንግሥቲ ከኋላ ሆና የገዛ እግሯን አየች።

የሸክሟ መንገድ፣ ጭቃ ውኃው፣ የምትለቀልቀው እግር። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አላያትም፤ እንዲያውም ሁሉም ዋርካውን አተኩሮ ማየት ጀመረ፣ ይህ ደግሞ ዞሮ ከማየት ይብስ ነበር።

"ያመጣሁትስ እኔ ነኝ" አለች ንግሥቲ ተነሥታ። "ለማገዶ ብዬ።"

"እሱንማ አበባው ራሱ ነግሮናል" አለ አያልነህ። "ከጣና እስከ ደጅሽ ተሰልፎ ቆሞ የለም እንዴ፤ እንዲህ ያለ ሰልፍ እኔ ለሚያዝያ ሃያ ሦስትም ለመስከረም ሁለትም ሰብስቤ አላውቅም።"

ሰው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን አያልነህ ቀጠለ፤ ጉድጓዱ ይዘጋ አለ። የተቆፈረ እርጥብ መሬት ይወዳል ተብሏል፤ የተቆፈረው ያ ነው፤ ተዘግቶ ይደልደል። እጅ ወጣ። ማንም በክፋት አላወጣም፤ ላም አለው ሁሉ። የጽጌሬዳ እጅ እንኳ ዘግይቶ ቢሆንም ወጣ። ንግሥቲ ያን ሁሉ እጅ ስታይ፣ ከአፈሩ ጋር አብሮ የሚዘጋው ሌላ ነገር መሆኑን ከእርሷ በቀር ያወቀ ያለ አልመሰላትም። ሌላ አፈር የለም። አፈር ከሌለ እንስራ የለም፤ እንስራ ከሌለ እርሷ ማን ናት?

ቀጥሎ እሾሁ እንዴት ይጥፋ ተባለ፤ በዚህ ላይ ሁሉም ሊቅ ሆነ። አያልነህ ከወረዳው ትራክተር ተለምኖ ይታረስ አለ። የሻው ራሱን ነቀነቀ፤ ዘሩ ረግፎ እያለ ማረስ መዝራት ነው፣ ሣሩም አብሮ ይሞታል። አንዱ ታጭዶ ጉማራ ወንዝ ይጣል አለ። ወንዙ ተሸክሞ ለታች ሰው ያደርሰዋል፣ ጎርፉ ደግሞ ለእኛው ይመልሰዋል። ሌላው ባለበት ሜዳው ይለኮስ አለ። ሜዳው ከተለኮሰ የሩዙም የጤፉም ክምር አብሮ ይሄዳል፤ ነፋስ አይታመንም። የሻው የሚያውቀውን ነገራቸው። በእርጥቡ በኩል ገና እያበበ ያለው ዘር አልያዘም፤ ዙሪያውን በዶማ አላልቶ ከነሥሩ መንቀል፣ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ደረቅ ጉብታ ላይ መከመር ነው። ከላይ ብቻ ከታጨደ ከታች አንጓው መልሶ ያቆጠቁጣል። በደረቁ በኩል ያለው ግን ዘር ይዟል፤ እሱ ሳይረግፍ ተቆርጦ፣ በጥንቃቄ ተሰብስቦ፣ በጉድጓድ ውስጥ አመድ እስኪሆን መቃጠል አለበት። "በየትኛው ጉድጓድ፣ በየትኛው እሳት እንደሆነ ግን" አለ፣ "እኔም ገና አላገኘሁለትም።"

ንግሥቲ ልቧ ዘለለ። እሳት! እሳት የማን ሥራ ነው? ይምጣልኝ፣ እንስራዬን እተኩስበታለሁ፣ አለች። የሻው አዝኖ አያት።

"እቴ ንግሥቲ፣ የመጣውም እንዲያ ተሸክመውት አይደል?"

እውነቱን ነበር። እንደገና በጨፌው አቋርጣ ትሸከመው ማለት እንደገና መዝራት ነው።

ቤቷ ገብታ ከሸክላዎቿ ጋር ተጣላች። ቤቱ ሞልቷል፤ ለጥር ሠርግ ለይፋግና ለወረታ ገበያ ያዘጋጀችው እንስራ፣ ጋንና ማሰሮ ደርቆ፣ ሳይተኮስ ግድግዳውን ተደግፎ ተሰልፏል። "እናንተ ናችሁ ማገዶ ማገዶ እያላችሁ!" አለቻቸው። "ሆዳም ሁሉ! ኩበት በልታችሁ አልጠገባችሁ!" ይህን ሁሉ ስትጮህ ማሩ ጉድጓዱ ውስጥ መወርወሪያውን እያመላለሰ ነበር። በመጨረሻ ክሩ ተበጠሰ። ክሩን ሊቀጥል ጎንበስ እንዳለ፣

"እሾሁ ካልመጣ" አለ ማሩ፣ "ሸክላው ይሂድላ።"

ንግሥቲ ዞር ብላ አየችው። ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ቃል በአንድ ጊዜ ስለጨረሰ፣ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ያልተተኮሰ ሸክላ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ዝናብ ቢነካው ጭቃ ይሆናል፣ ቢገጭ ዱቄት ይሆናል። ሸክላ ሠሪ ተኩሳ ነው ከቤቷ የምታወጣው፤ ጥሬ እንስራ ተሸክሞ ሜዳ ማቋረጥ በቁሐር ሚካኤል ታይቶ አይታወቅም። ያም ሆኖ ንግሥቲ ማለዳ አያልነህ ደጅ ቆማ ተገኘች፤ የሻውንም አስጠራችው። እሳቴን ይዤ እዚያው ጉድጓዴ ዘንድ እወርዳለሁ አለች። ዘር የያዘውን በሙሉ እዚያው አቃጥላለሁ፤ አንድም ሸክም ጨፌውን አይሻገርም።

አያልነህ አገጩን አሸ። የሰው ላም ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ነው። "እሳቱ ወደ ሣሩ ካመለጠ ወይም ዘሩ ከተረፈ፣ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ያኔ እንደ ዛሬ እንኳ መለመን የለም" አለ። "ጥርግ ካለ ደግሞ ክፍት ይቆይ፤ ለሰዎቹ እኔ እነግራለሁ።"

"ጥሬው እንስራ ቢሰበርስ?" አለ የሻው።

"እሱ የኔ ልቅሶ ነው" አለች።

መጀመሪያ ከብቱ ከጨፌው ወጥቶ በሩዝ ገለባ እንዲቆይ ተደረገ። ከዚያ ሰው ተሰማራ። በእርጥቡ በኩል ወንዶቹ በዶማ እያላሉ፣ እጃቸውን በጆንያ ጠቅልለው ከሥር እየጎተቱ ነቀሉ። በደረቁ በኩል ሥራው የሴቶቹ ነበር፤ ትዕግሥት ይጠይቃልና። ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ ከእሾሁ ሥር የመኝታ ቆዳቸውን፣ ጀንዲ ይዘረጋሉ፤ ግንዱን ቀስ አድርገው ወደ ጀንዲው አጎንብሰው በማጭድ ይቆርጣሉ፤ የረገፈውን ዘር ከጀንዲው አራግፈው ከነግንዱ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። ሲመለሱም ቀሚሳቸውን እዚያው ያራግፋሉ፣ እግራቸውን በእንጨት ይፍቃሉ። መሪጌታ አዛናው እንኳ ካባቸውን አራገፉ፤ ከጠርዙ ዘር ሲወድቅ አይተው፣ ይህ እንግዲህ ምን ያህል ጊዜ ከእኔ ጋር ቅዳሴ እንደገባ እግዜር ይወቀው፣ አሉ።

የሻው የእሳቱን ቦታ ከንግሥቲ ጋር መረጠ። ከአፈር ጉድጓዱ አጠገብ ቀድሞም ሣር ያልነበረበት ነው፤ ዙሪያውን ሰፋ አድርገው እስከ አፈሩ ፋቁት፣ መካከሉን ቆፈሩት፣ ውኃ የሞላ ጋን በየአቅጣጫው አስቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ከጣና ነፋስ ይነሣልና እሳቱ ጠዋት ይለኮስ አሉ።

ሸክላው የሄደበት ማለዳ ግን የሚረሳ አልነበረም። የመንደሩ ሴት ሁሉ አንድ አንድ እንስራ አቀፈች፤ እንደ አራስ ልጅ፣ በነጠላ ጠቅልላ። ጽጌሬዳ ትልቁን ጋን ወሰደች፤ በስብሰባው እጇን በማውጣቷ ሳይሆን አይቀርም። ማሩ ሁለት ማሰሮ ይዞ ከሁሉ ፊት ሄደ፤ ከሽመና ጉድጓዱ መውጣት ስላልለመደ፣ ልጆች ኋላም እስኪያወሩለት ድረስ በፀሐይ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። መሪጌታ አዛናው ዕድሜዎ አይፈቅድም ቢባሉ አልሰማ አሉ፤ አንድ እንስራ ይዘው በቀስታ፣ በክብር ሲራመዱ፣ አንዲት ረግረግ ላይ እግራቸው ገባ። እንስራው ከእጃቸው አልወደቀም፤ እርሳቸው ናቸው ከላዩ የወደቁት።

"አልሰበርኩትም" አሉ ከጭቃው ሲያነሷቸው። "እርሱ ነው መንገድ ላይ የተወኝ።"

ንግሥቲ ብትቆጣ ደስ ባላት፤ ሳቋ ግን ቀደማት።

ንግሥቲ የእሳቱ ጉድጓድ ወለል ላይ ኩበት ረበረበች፤ በላዩ ዘር የያዘውን አሜኬላ ከነጆንያው አደረገች፤ በላዩ ሸክላዎቹን ደረደረች፤ በየመካከሉ እንደገና አሜኬላውን ጠቀጠቀች፤ መላውን በኩበትና በገለባ ሸፈነችው። ዘሩ ከዳር ሳይሆን ከመካከል፣ ረመጡ ከሚበረታበት መሆን አለበት ብሏት ነበር የሻው፤ ይህን ከእርሱ ባትሰማው ለውበቱ ስትል ዳሩን ታደርገው ነበር። ለኮሰችው። ጭሱ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ቆመ፤ ከዚያ ውስጡ ፍሬው ሲፈነዳ ጠሽ ጠሽ የሚል ተሰማ። ንግሥቲ ጎንበስ ብላ፣ ማንም የማይሰማት መስሏት አንጎራጎረች፦

ብላው እሳት ብላው፣ እሾሁን ከነዘሩ፣
እንስራዬን ተወው፣ እንዲያምር ከንፈሩ።

እዚህ ላይ ነፋሱ ቀደመ። ከሰዓት በኋላ ይጠበቅ የነበረው ገና ረፋዱ ላይ አንድ ጊዜ ሽው አለ፤ ከክምሩ አንድ የነደደ ገለባ ተነሥቶ ከተፋቀው ቦታ አልፎ ሣሩ ላይ ወደቀ። ትንሽ ጭስ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው በተለየ መንገድ ይተርከዋል፤ አያልነህ እርጥብ ጆንያ ይዞ መሮጡ ግን የታወቀ ነው። ሲደበድበው "ጓዶች!" አላለም፤ "እናቴ ድረሽ!" ነው ያለው። ሰውም በዚያ ቀን ከንግግሮቹ ሁሉ ይህን ወደደለት። ማሩ አንዱን ጋን ሙሉ ውኃ ደፋበት፤ ጭሱ ጠፋ፤ ከመዳፍ የማይበልጥ ሣር ጠቁሮ ቀረ። አያልነህ የጠቆረውን አየ፣ ንግሥቲን አየ፣ ከዚያ በእግሩ አፈር ገፍቶ ሸፈነው። "ይህ አመለጠ አይባልም" አለ፤ "መንገድ ሊጠይቅ ነው የወጣው።"

እሳቱ በርዶ ተከፈተ። እሾሁ ከኩበት ይልቅ የበረታ ግለት አለው፤ ሁለት ማሰሮ ተሰንጥቀዋል። የቀሩት ቀይ ሆነው፣ እዚህም እዚያም እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ ይዘው ወጡ፤ ሲያንኳኩዋቸው እንደ ደወል መለሱ። የመሪጌታን እንስራ ዕጣ ያየ ሰው ለሁለት ማሰሮ አያለቅስም። ንግሥቲ ግን ወደ እንስራዎቹ አልሮጠችም። ከየሻው ጋር አመዱን በእንጨት መበርበር ጀመረች። መካከሉ አመድ ብቻ ነው፤ ከዳር ግን አንድ ጆንያ ተቀድዶ የፈሰሰ፣ ጭስ ብቻ የመታው ዘር ተገኘ። የሻው አንዱን በጥፍሩ ሰነጠቀው፤ ውስጡ ነጭ ነው፤ ሊበቅል ይችላል። ማንም አልነገራትም። የቀረ ኩበቷን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ወጥ ያስቀመጠችውን ሳይቀር አምጥታ፣ ዳሩን ወደ መካከል ጠርጋ እንደገና ለኮሰችው።

"ወጡስ?" አለች ጽጌሬዳ።

"ጥሬ እንበላለን" አለች ንግሥቲ። ማሩ ከኋላዋ ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን ወዮልኝ ማለቱ አልታወቀም። ማታ ጽጌሬዳ ወጥ ልካለች።

የሻው አስቀድሞ የነገራቸው ነገር ግን ሆነ። መሬቱ ከዚያ በፊት የረገፈውን ዘር ይዞ ቆይቶ ነበርና፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲሸሽ በጨፌው ዳር፣ በተለይም በጉድጓዱ ዙሪያ፣ ችፍ ችፍ ብሎ በቀለ። ንግሥቲ ያን ሰሞን አፈር አልቆፈረችም። በጉልበቷ እየሄደች፣ ሣሩን በመዳፏ እየለየች ስትፈልግ ትውላለች። ሕፃን ሳለ ማንም አያውቀውም፤ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ረዘም ያለ፣ ግንዱ በጣት ሲዳስሱት ማዕዘን ያለው፣ እሾሁ ገና እንደ ልጅ ጥርስ ለስላሳ። ያኔ በሁለት ጣት ተጎትቶ ከነሥሩ ይወጣል፤ አሳድጎ ከመታገል ያኔ ማንሣት ነው።

አያልነህ ላሙን እየነዳ ሲመጣ ያገኛት እንዲህ ተንበርክካ ነው። ላሚቱ በዕረፍት ሣሩን ትነጭ ጀመር። ሰዎቹ መከሩ አለ አያልነህ፤ ጉድጓዱ ለጊዜው ክፍት ይሁን ተብሏል። ዘሩ ከመሬቱ ውስጥ እስኪያልቅ ግን ዙሪያውን በየዓመቱ የምትለቅሚው አንቺ ነሽ፤ ማኅበሩም ሰው ይሰጥሻል።

"እስከ መቼ ነው ለጊዜው?" አለች ንግሥቲ ቀና ሳትል።

"የሻው ብዙ ዓመት ይቆያል ነው የሚለው ዘሩ።"

"እንግዲያስ ብዙ ዓመት እቆፍራለሁ ማለት ነዋ" አለች። ከሣሩ መካከል አንዲት ችግኝ አገኘች፤ በጣቷ ግንዱን ዳሰሰች፣ እርግጠኛ ለመሆን ወደ ዓይኗ አቀረበችና ነቀለቻት። "አያ አያልነህ፣ ላምህ እግሯን አንሺ በላት፤ አንዷን ረግጣብኛለች።"